ከበርበሬው ጣሳ የወጣች ፎቶግራፍ

ከባሕር ማዶ የሚመጣ ደብዳቤ እንደምናውቀው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱን ይዞ ይመጣል፤ ወይ የተላከ ገንዘብ ያበሥራል፣ ወይ «ለምን ዝም አላችሁ?» ብሎ ይወቅሳል። ዛሬ የምናወራለት ደብዳቤ ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም። የአክስታችን የእኅት ልጅ ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ፣ በመንገደኛ እጅ የላከው ሲሆን የሚጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዲት አሮጌ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ስካን ተደርጋ እንድትላክለት። ነገሩ ሲሰሙት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ይመስላል። እኛም በአክስታችን ቤት ሆነን ዩኒቨርሲቲ የምንማር ሁለት ወንድማማቾች ስለሆንን፣ መላላኩ የእኛ ዕዳ መሆኑ ግልጽ ነበር። ዳሩ ግን ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ በመካከሉም «የተጎዳ ፎቶግራፍ ማደስ» የሚባለው ነገር ምን ማለት እንደሆነና ምን ማለት እንዳልሆነ ለማወቅ ተገደድን። ምናልባት አንባቢም በቤቱ እንዲህ ያለች ፎቶግራፍ ቢኖረው ይጠቅመው ይሆናል በማለት እንደሚከተለው ጽፈነዋል።

ደብዳቤውን ጮክ ብለን ያነበብነው ለአክስታችን ነው። እንዲህ ይላል፤ «ለተወደዱ አክስቴ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እናቴ ካረፈች በመጪው የካቲት ሁለት ዓመት ይሞላታል። በልጅነቷ የተነሣችው ፎቶግራፍ በእርስዎ ዘንድ ካለችው በቀር ሌላ የለም። እርሷን አሳድሼ፣ በትልቁም አሳትሜ፣ ለሙት ዓመቷ በግድግዳ ልሰቅላት አስቤአለሁ። ፎቶዋን ግን በፖስታም ሆነ በሰው እጅ እንዳይልኩ፤ ብትጠፋ ምትክ የላትም። ልጆቹ ስካን አድርገው ይላኩልኝ። የሚያድሰው ባለሙያ ያዘዘው ይህ ነው፤ በውሃም በጨርቅም እንዳትጠረግ፣ እጥፋቷ በፕላስተር እንዳይለጠፍ፣ በጥቁርና ነጭ ሳይሆን በቀለም ስካን እንድትደረግ፣ ጀርባዋም እንዳይቀር። የአጎቴን አንድ ዓይን እጥፋቱ እንደበላው አስታውሳለሁ። ባለሙያው ደኅነኛውን ዓይን ገልብጦ በጠፋው ቦታ እንደሚተካው ነግሮኛልና እርሱ አያሳስብዎ።»

አክስታችን እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያም «ታዲያ ፎቶዬን መኪና ውስጥ ልትከቱ ነው?» አሉን። ስካነር ማለት የመስተዋት ጠረጴዛ መሆኑን፣ ፎቶዋ በፊቷ ተደፍታ እንደምትተኛበት፣ ከመስተዋቱ ሥር አንድ የመብራት ዘንግ ቀስ ብሎ እያለፈ መልኳን እንደሚያነብ፣ ከዚያም ያለ ምንም ጉዳት ወደ እጃቸው እንደምትመለስ አስረዳን። «እንግዲያው እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አሉ። አብረውንም ሄዱ።

ፎቶዋ ርዝመቷ 14፣ ወርዷ 9 ሳንቲ ሜትር የሆነች ጥቁርና ነጭ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ከአንድ ፎቶ ቤት የተነሣች ስትሆን፣ ምክንያቱም የአክስታችን ታላቅ ወንድም ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ሊሄድ መሆኑ ነው። አባትና እናት ከፊት ተቀምጠዋል። ልጁ የዘማች ካኪ ለብሶ ከኋላቸው መካከል ላይ ቆሟል። በስተግራ ጫፍ አክስታችን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆነው፣ በስተቀኝ ጫፍ ደግሞ ነጭ ቀሚስ የለበሰች የአሥር ዓመት ልጅ አለች፤ እርሷም የደብዳቤው ጸሐፊ እናት ናት።

በ1969 ዓ.ም. የቤት ለቤት አሰሳ በተደረገ ጊዜ ዘማቹ ልጅ ከሚፈለጉት አንዱ ነበር። እናቱ ፊቱን ለይቶ የሚያሳውቅ ነገር በቤት እንዳይገኝ ፎቶግራፎቹን ሁሉ ምድጃ ውስጥ ጨመሩ። ይህቺን አንዲቱን ብቻ እጃቸው እምቢ አላቸው። መሐል ለመሐል ለሁለት አጠፏትና በጨርቅ ጠቅልለው የበርበሬው ጣሳ ውስጥ ቀበሯት። ልጁ በዚያው ዓመት ከአንድ ጓደኛው ቤት ተይዞ ሄደ፤ አልተመለሰም፤ የተቀበረበትም አልታወቀም። ፎቶዋ ከጣሳው የወጣችው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይታ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ጉዳቶቿ ከዚህ የመጡ ናቸው። አንደኛው ከጣሳው እርጥበትና ከበርበሬው የተነሣ በቀኝ በኩል፣ በትንሿ ልጅ ፊትና ቀሚስ ላይ፣ የተንጣለለ ብርቱካንማ እድፍ ነው። ሁለተኛው በመካከል ከላይ እስከ ታች የወረደው እጥፋት ነው፤ መካከል ላይ የቆመው ደግሞ ዘማቹ ስለሆነ፣ እጥፋቱ በግራ ዓይኑ ላይ አልፏል።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ፎቶዋን ተቀብሎ በአንድ ደቂቃ ውስጥ «አለቀ» አለን። ክፋት አልነበረበትም፤ መሣሪያው ለመታወቂያና ለትምህርት ማስረጃ የተሰናዳ ስለነበር ፎቶዋንም እንደ ማስረጃ አነሣት፤ በጥቁርና ነጭ፣ በ200 dpi፣ በ PDF። ይህ ለምን እንደማይበቃ ለማወቅ አንድ ቀላል ስሌት ይበቃል። dpi የሚባለው በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ መሣሪያው ስንት ነጥብ እንደሚያነብ የሚነግር ቁጥር ነው፤ አንድ ኢንች ደግሞ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በእኛ ፎቶግራፍ የዘማቹ ፊት ከጠጉር እስከ አገጭ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንድ ዓይኑ ስፋት ሁለት ሚሊ ሜትር አይሞላም። በ200 ሲነበብ ያ ዓይን የሚያገኘው ከ13 ወይም ከ14 የማይበልጥ ነጥብ ነው። በ1200 ቢነበብ ግን 80 ያህል ነጥብ ያገኛል። በ14 ነጥብ የተሠራ ዓይን በግድግዳ መጠን ሲታተም ጭጋግ ይሆናል፤ አዳሹም የእጥፋቱ ጠርዝ የት ላይ እንደሚያልቅ፣ ሽፋሽፍቱ የት ላይ እንደሚጀምር ለይቶ ማየት አይችልም። ከ1200 በላይ መሄድ ደግሞ ለእንዲህ ያለች በወረቀት ለታተመች ፎቶግራፍ ትርፍ የለውም፤ ወረቀቱ የያዘው ዝርዝር ካለቀ በኋላ የሚጨመረው ነጥብ የወረቀቱን ሻካራነት ብቻ ያጎላል።

ልጁ በጥግ አቧራ የለበሰች ጠፍጣፋ ስካነር ነበረችውና መስተዋቷን ወልውሎ አወጣልን። በመስኮቱ ላይ 24-bit Color፣ 1200 dpi፣ TIFF የሚሉትን መረጥን፤ «ራሱ ያስተካክል» የሚለውንም ምልክት አነሣን። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን መሣሪያው በራሱ ፈቃድ ሲያስተካክል ነጩን ይበልጥ ነጭ፣ ጥቁሩንም ይበልጥ ጥቁር ያደርገዋል። መደረጉን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ነጭ ልብስ ያለበትን ቦታ አጉልቶ ይመልከት። የትንሿን ልጅ ቀሚስ ስናጎላ የአንገቱ ጥልፍ ከታየ ደኅና ነው፤ እንደ ኖራ ግድግዳ ድፍን ነጭ ከሆነ ግን ጥልፉ ጠፍቷል፤ የጠፋውንም ከዚያ ፋይል የሚመልሰው የለም።

አሁን ወደ ቀለሙ ነገር እንምጣ። ልጁ «ፎቶው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሳለ በቀለም ማንሣት ምን ያደርጋል?» ብሎ ጠይቆን ነበር፤ ጥያቄውም የእኛ ጥያቄ ነበር። መልሱን ያገኘነው ከአክስታችን የእኅት ልጅ በስልክ ሲሆን፣ ማንም ተማሪ የሚያውቀው ነገር ሆኖ አገኘነው። መምህር በቀይ እስክሪብቶ ያረመውን ደብተር በቀይ ሴሎፎን ውስጥ ቢያዩት እርማቱ ይጠፋል፤ በእርሳስ የተጻፈው ግን እንዳለ ይታያል። ምክንያቱም በቀይ ብርሃን ቀዩ ቀለምና ነጩ ወረቀት አንድ ይሆናሉ። ስካነርም በቀለም ሲያነብ በእርግጥ የሚያነሣው ሦስት ሥዕል ነው፤ አንዱን በቀይ፣ አንዱን በአረንጓዴ፣ አንዱን በሰማያዊ ብርሃን። የበርበሬው እድፍ ብርቱካንማ ስለሆነ በሰማያዊው ሥዕል ላይ እንደ ጥቁር ደመና ተጋርዷል፤ በአረንጓዴው ቀለል ይላል፤ በቀዩ ግን የለም ማለት ይቻላል። አዳሹ የቀዩን ሥዕል ብቻ ሲወስድ የትንሿ ልጅ ፊት ከእድፉ ሥር ይወጣል፤ ዓይኗ፣ ከንፈሯ፣ የአንገት ክሯ፣ ሁሉም በ1967 ዓ.ም. እንደነበሩ። ማንም አልሳላቸውም፤ ቀድሞም እዚያው ነበሩ። በጥቁርና ነጭ ስካን ተደርጋ ቢሆን ኖሮ ግን ሦስቱ ሥዕሎች ተደባልቀው አንድ ስለሚሆኑ፣ እድፉ ከፊቷ ጋር ተዋሕዶ ግራጫ ሆኖ ይቀር ነበር።

በኮምፒዩተሩ ላይ ቀዩን ብቻ ለይተን ለአክስታችን ስናሳያቸው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። «ይቺ ልጅ እኮ ያን ቀን አኩርፋ ነበር» አሉ። «ጫማዋ ጠቧት። አያችሁ ከንፈሯን?» ከንፈሯን አየነው። ከዚያ በፊት በእድፉ ምክንያት ማንም ሊያየው አልቻለም ነበር።

እጥፋቱ ግን ሌላ ዓይነት ነገር ነው። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ሥዕሉን የሚይዘው በወረቀቱ ላይ በተቀባ ስስ የጀላቲን ሽፋን ነው። ወረቀቱ ሲታጠፍ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፤ ደጋግሞ ሲዘረጋም እየተላጠ ይረግፋል፤ በቦታው የሚታየው ነጭ መስመር ባዶ ወረቀት ነው። ከእድፍ ሥር ሥዕል አለ፤ ከዚህ መስመር ሥር ግን ምንም የለም።

ይሁን እንጂ ነጭ ሆኖ የሚታየው ሁሉ ባዶ አይደለም። የታጠፈ ወረቀት ቢዘረጋም በእጥፋቱ ላይ ጥቂት ያብጣል። የስካነሩ መብራት ደግሞ ከአንድ ወገን ስለሚመጣ ያበጠው ጠርዝ በአንድ በኩል ያብረቀርቃል፣ በሌላው በኩል ጥላ ይጥላል። ስለዚህ ፎቶዋን እንደተኛች አንድ ጊዜ፣ አዙረን ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ አነሣናት። በመጀመሪያው አብረቅርቆ የነበረው በሁለተኛው ጥላ ሆነ፤ በሁለቱም ነጭ ሆኖ የቀረው ብቻ እርሱ በእውነት የረገፈ ነው። ክዳኑንም አልተጫንም፤ የደረቀ ጀላቲን በጉልበት ሲጫኑት ይሰነጠቃልና ከላይዋ ለስላሳ ጥቁር ወረቀት ብቻ አለበስናት። እንዲህ ሲለካ በዓይን ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚመስለው መስመር በፊቱ ላይ ሲሶ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። የዓይኑ ብሌን ግማሹ አለ፤ የውስጠኛው ጠርዝና በላዩ ያለው የቅንድቡ ክፍል ግን የለም።

በዚህ ጊዜ ነው አክስታችን ከደብዳቤው ያቺን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር እንደገና እንድናነብላቸው የጠየቁት። አነበብን። «ገልብጦ ይተካዋል ማለት ምን ማለት ነው?» አዳሹ የቀኝ ዓይኑንና ቅንድቡን ቀድቶ፣ እንደ መስተዋት ገልብጦ፣ በግራው ላይ እንደሚለጥፈው ነገርናቸው። ይህ በሙያው የተለመደ ዘዴ መሆኑንም ጨመርንበት።

«የወንድም ጋሼ ቅንድብ እኮ ሁለቱ እኩል አልነበረም» አሉ። «በልጅነቱ ከድንጋይ አጥር ወድቆ ግራው መሐሉ ላይ ተከፍሏል፤ በዚያ ላይ ጠጉር በቅሎ አያውቅም። እናቴ ከሩቅ የምትለየው በዚያ ነበር። ያን ሞልታችሁ ስትሰቅሉት ልጁ የማን ፊት ላይ ሊያለቅስ ነው?»

መልስ አልነበረንም። ቆይተን ሥዕሉን ስናጎላ ደግሞ እርሳቸው በትዝታ የተናገሩትን ሥዕሉ በሌላ መንገድ እንደሚደግፈው አየን። ፎቶ አንሺው መብራቱን ያቆመው በስተግራችን ነበርና፣ በሁሉም ሰዎች ዓይን ውስጥ የምታበራው ትንሽ ነጥብ በስተግራ ናት። የተገለበጠ ዓይን ግን ነጥቡን በስተቀኝ ያመጣል። የሚያውቅ ሰው «ይህ ዓይን ከሌላ ቦታ የመጣ ነው» የሚለው በዚህ ነው፤ የማያውቀው ሰው ደግሞ ምክንያቱን ሳይረዳ ፊቱ እንግዳ ይሆንበታል።

ስለዚህ መልሱን አክስታችን እየተናገሩ እኛ ጻፍነው። «ልጄ ሆይ፤ እናትህን እድፉን ጥረግላት፤ እርሷ ከሥሩ አለች። ግድግዳውንና ልብሱን ይሙሉት፤ ግድግዳ ለማንም ግድግዳ ነው። የወንድም ጋሼን ፊት ግን ያልነበረበትን አይጨምሩበት። ቅንድቡ የተከፈለ እንደነበረ እኔ እመሰክራለሁ፤ ነገር ግን እኔ እንዳስታወስኩት ብለውም አይሳሉት፤ እኔም አርጅቻለሁ።» ይህ የመጨረሻው ቃል እኛን አስገረመን፤ ምክንያቱም የጠባሳውን ነገር ሲናገሩ እንዲሳል የሚፈልጉ መስሎን ነበር።

ፋይሎቹ አራት ነበሩ፤ ፊቷ ሁለት ጊዜ፣ ጀርባዋ አንድ ጊዜ፣ የዘማቹ ፊት ብቻ ደግሞ አንድ ጊዜ። በጀርባዋ ላይ በራሱ በዘማቹ እጅ «ለማስታወሻ፣ ታኅሣሥ 1967» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከእጁ ጽሑፍም የተረፈው ይኸው ብቻ ነው። ሙሉዋ ፎቶግራፍ በ1200 ስትነሣ አንዱ ፋይል 84 ሜጋ ባይት ያህል ይሆናል። ይህም ላኪውን ይፈትነዋል፤ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ቢልኩት ተጨምቆ ከብዛቱ ጥቂቱ ብቻ ይደርሳል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይሄዳል። ተቀባዩ መጠኑን አይቶ እንዲነግረን ጠየቅነው፤ 84 አለን፤ እንደ ደረሰም በዚህ አወቅን።

የአክስታችን የእኅት ልጅ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። «ሰው በሙት ዓመት የሚያየው ፎቶ መሐሉ የተሰነጠቀ ይሁን?» ሲል ጻፈ፤ ይህም ንግግሩ እውነት የለበትም አንልም። በመጨረሻ አዳሹ ራሱ መካከለኛ መንገድ አገኘ። የእናትየውን እድፍ በቀዩ ሥዕል አነሣው። በመጋረጃው፣ በካኪውና በወንበሩ ላይ ያለውን እጥፋት ከግራና ከቀኝ ካለው ጨርቅ እየወሰደ ሞላው። በፊቱ ላይ ያለውን ሲሶ ሚሊ ሜትር ግን አልሳለውም፤ ነጩን መስመር በዙሪያው ካለው የፊት ቀለም ጋር አቀራርቦ አደበዘዘው። ከሩቅ ሲያዩት ፊቱ ምሉዕ ነው፤ ቀርቦ የሚመለከት ግን አንድ ነገር እንደጎደለ ያውቃል። ያልታደሰው ስካንም ሳይነካ በቨርጂኒያም በአዲስ አበባም ተቀምጧል፤ ስለዚህ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው በሌላ መንገድ ሊያድሰው ቢያስብ መነሻው አልጠፋበትም።

ከዚህ ሁሉ ለአንባቢ የምናስተላልፈው አንድ ነገር ነው። በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ሁለት ዓይነት ጉዳት አለ፤ በሥዕሉ ላይ የመጣ ጉዳትና ከሥዕሉ የሄደ ጉዳት። የመጣውን በጥሩ ስካን ማንሣት ይቻላል፤ የሄደውን ግን ማንም አይመልሰውም፤ የሚመልሰው ቢመስለንም እየሳለ ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ ለአዳሽ የሚሰጥ ሰው ከዋጋው በፊት «የትኛውን ጠርገህ ታወጣለህ? የትኛውን ከራስህ ትሞላለህ?» ብሎ ይጠይቅ። ፊቱን በዓይኑ ያየ ሰው በሕይወት ካለም፣ ፋይሉ ከመላኩ በፊት ከጎኑ አስቀምጦ ያሳየው፤ የሚናገረውንም በጀርባዋ ላይ ሳይሆን በሌላ ወረቀት ይጻፍ። እኛ እንዲህ በማድረጋችን የተከፈለውን ቅንድብ አወቅን፤ በፎቶዋ ላይ ግን የለም።